የመኪናው ዋጋ ወረደ እንጂ የመለዋወጫው አልወረደም

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ዕድሜዬ 36፣ ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት ነኝ። ሆስፒታል ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ ያለ መኪና አይሆንልኝም። የድሮ መኪናዬ ባለፈው ወር ሞተብኝና ያጠራቀምኩትን 8 ሺህ ዶላር ይዤ ፍለጋ ወጣሁ። አንድ ጥቁር መርቸዲስ ኤስ 550 አገኘሁ፤ 2007 ሞዴል፣ 118 ሺህ ማይል የሄደ፣ ዋጋው 6,500 ዶላር ነው። ቆዳው እንኳ አልተሰነጠቀም። ሻጩ «ጠዋት ጠዋት የፊት ግራው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ሴንሰር ብቻ ነው» ብሎኛል። ባለቤቴ ደግሞ በ7,500 ዶላር የሚሸጥ 2012 ካምሪ አይታ እሱን እንድገዛ ትፈልጋለች። በ1 ሺህ ዶላር የሚረክሰውንና በሁሉም ነገር የሚበልጠውን ትቼ ለምን ካምሪ ልግዛ? አባቴ አዲስ አበባ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚነዳውን መርቸዲስ አብሬው አጥብ ነበር፤ «መርቸዲስ አይሞትም» ይለኝ ነበር። ባለቤቴ «ለታይታ ነው» ስትለኝ ግን በጣም ከፋኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቲ. ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

ወንድማችን ቲ.፣ ብዙው ነገር የተደበቀው በዚያ ዝቅ በሚለው የፊት ግራ ጎማ ውስጥ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ያየኸው መኪና በብረት ሞላ ላይ የቆመ አይደለም። አራቱም ጎማዎች ላይ ያለው መሸከሚያ፣ ኤርማቲክ የሚባለው፣ በተጨመቀ አየር የሚሠራ ነው። በየጎማው በኩል የላስቲክ ከረጢት አለ፤ ከረጢቱና አሞርዛተሩ አንድ ላይ የተሠሩ ስለሆኑ አንዱን ለይቶ መቀየር አይቻልም። ከረጢቱ አየር ይይዛል፣ አየሩ መኪናውን ይሸከማል። አየሩ ሲጎድል አንድ ትንሽ ኮምፕረሰር ይነሳና ይሞላል። ላስቲክ ደግሞ ላስቲክ ነው፤ መኪናው ቢነዳም ባይነዳም ዓመታት ባለፉ ቁጥር ይደርቃል፣ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል። ከ15 ዓመት በላይ የሆነው ኦርጂናል ከረጢት ገና አለማፍሰሱ ይገርማል እንጂ ማፍሰሱ አይገርምም።

ሌሊቱን ቆሞ ጠዋት በአንድ ጎኑ ዝቅ ብሎ የሚገኝ መኪና በአብዛኛው አየር እያፈሰሰ ነው። ሴንሰር ሲበላሽ የሚታየው ምልክት ሌላ ነው፤ መኪናው ሞተሩ እየሠራ ሳለ የተሳሳተ ከፍታ ይይዛል፣ ወይም ክሩስኮቱ ላይ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ያወጣል። ደግሞም አስበው፦ የከፍታ ሴንሰር በአንጻሩ ርካሽና በአጭር ጊዜ የሚቀየር ዕቃ ነው። ነገሩ ያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሻጩ አስቀይሮት ዋጋው ላይ ሁለት ሺህ ዶላር አይጨምርም ነበር? ሰውየውን ዋሽቷል አንልህም፣ ምናልባት እሱም የነገሩትን ደግሞ ይሆናል። ግን አንተ ያንን ቃል ይዘህ ገንዘብ አትቁጠር።

ከረጢቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ዕቃ ቀይሮ መገላገል ይቻል ነበር። ግን አየር ባፈሰሰ ቁጥር ኮምፕረሰሩ የጎደለውን ለመሙላት ይሮጣል። የተሠራው በየቀኑ ጥቂት ሰከንድ ሠርቶ እንዲያርፍ ነው እንጂ ጠዋት ማታ ደቂቃዎችን ሙሉ እንዲለፋ አይደለም። ይግላል፣ ውስጡ ያለው ማሸጊያ ያልቃል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። አንዳንዴ ደግሞ ኤሌክትሪክ የምትሰጠው ትንሿ ሪሌ ተጣብቃ ትቀርና ኮምፕረሰሩ ሳያቋርጥ እየሠራ ራሱን ይገድላል፤ ከ30 ዶላር የማታልፍ ዕቃ የብዙ መቶ ዶላር ዕቃ ይዛ ትሄዳለች። ስለዚህ ለወራት ዝቅ ሲል የከረመ መኪና ስትገዛ የምትቀይረው የፊት ግራውን ብቻ አይደለም። የፊት ቀኙም ያው ዕድሜ ነው፣ ተራው ቀርቧል። ኮምፕረሰሩም ደክሟል።

ሂሳቡን እንየው። ኦርጂናሉ የፊት ዕቃ ከአከፋፋይ ሲገዛ አንዱ ብቻ ከ1 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል። የታደሰ ወይም በሌላ አምራች የተሠራ ከፈለግህ አንዱን በ550 ዶላር ገደማ እንያዘው፤ ሁለቱ 1,100። ለእጅ ሥራ 600፣ ከዚያ በኋላ ጎማ ለማስተካከል 150። ኮምፕረሰር ከነሪሌውና ከነሥራው 650። ድምሩ 2,500 ዶላር ሆነ። ይህ እንግዲህ በግል ጋራዥ፣ በርካሹ ዕቃ የተሠላ ነው፤ የኋላዎቹ ሁለቱ ገና አልተነኩም።

አየሩን አስወጥቶ በብረት ሞላ የሚቀይር ዕቃ እንደሚሸጥ ሰምተህ ይሆናል። አለ፣ ርካሽም ነው። ግን የመኪናው ኮምፒውተር የአየር ሲስተሙን ስለሚፈልገው ማስጠንቀቂያው እንዳይበራ ተጨማሪ ማታለያ ይጠይቃል፤ ኤስ ክላስን ኤስ ክላስ ያደረገው ለስላሳ አነዳድም አብሮ ይሄዳል። ያኔ የቀረህ ከባድና ነዳጅ የሚበላ መኪና ነው። እኛ ባንመክርህ እንመርጣለን።

ሞተሩ ላይ ያለው ግን ይበልጥ ያስፈራናል፣ ምክንያቱም ስትነዳው አታውቀውም። የዚህ መኪና ቪ8 ሞተር ኤም 273 ይባላል። ካቴናውን ከሚመሩት ጥርሳም ጎማዎች አንዱ በመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ላይ ለስላሳ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ጥርሱ ቀስ እያለ ይበላል። ጥርሱ ሲያልቅ ካቴናው ቦታውን ይስታል፣ የሞተሩ ቫልቮች የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት ጊዜ ይዛባል። በዚህ ጊዜ የሞተር መብራት ይበራል፣ በማንበቢያ መሣሪያ ሲታይ P0016 ወይም P0017 የሚሉ ቁጥሮች ሊወጡ ይችላሉ። ድምፅ ላይኖር ይችላል፣ ጉልበቱም ላይቀንስ ይችላል። ጥርሳሟ ጎማ ራሷ ውድ አይደለችም፤ ወዳለችበት ለመድረስ ግን ሞተሩ ወርዶ ፊቱ መከፈት አለበት። በግል ጋራዥም ቢሆን 5 ሺህ ዶላር አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚጠየቅበት ለዚህ ነው። መኪናው ከሚሸጥበት ዋጋ ጋር አስተያየው።

ደግነቱ ይህን ሳትገዛ ማወቅ ትችላለህ። ችግሩ ያለው የሞተር ቁጥራቸው የመጨረሻ ስድስት አሃዝ እስከ 088611 ባሉት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩት የተሻሻለው ጥርስ አላቸው። 2007 ሞዴል በዚህ ወሰን በሁለቱም በኩል ሊውል ይችላል። የሻሲ ቁጥሩን ይዘህ የአከፋፋዩን የመለዋወጫ ክፍል ብትጠይቅ የሞተሩን ቁጥር ሊነግሩህ ይችላሉ። ቁጥሩ ከወሰኑ በታች ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ይጠየቃል፦ ጥርሱ ተቀይሯል ወይ፣ ደረሰኙስ የት አለ? «ተሠርቷል» የሚል ቃል ብቻ ምንም ማለት አይደለም።

ስለ ካምቢዮው አንድ ነገር ብቻ እንበል። ሰባት ማርሽ ያለው አውቶማቲክ ነው፤ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩ ዘይቱ ውስጥ ተቀምጧል። በላዩ ያሉት የፍጥነት ሴንሰሮች ሲበላሹ መኪናው አንድ ማርሽ ላይ ተቆልፎ ይቀራል። ይህ ዕቃ ስርቆትን ለመከላከል ከመኪናው ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ከአሮጌ መኪና ፈትቶ መግጠም እንደ ድሮው አይሠራም፤ አዲሱን ለመግዛት የባለቤትነት ማስረጃ ይጠየቃል፣ ከተገጠመ በኋላም በኮምፒውተር ከመኪናው ጋር መተዋወቅ አለበት። ይበላሻል ማለታችን አይደለም። ቢበላሽ ግን የአባትህ ዘመን ብልሃት እንደማያወጣህ እወቅ።

አባትህን ካነሳን አይቀር፦ አልተሳሳቱም። እሳቸው የነዱት ያ የ1970ዎቹና 80ዎቹ ባለ 200 ወይም 240 ቁጥሩ መርቸዲስ ከሆነ፣ በብረት ሞላ የሚቆም፣ ኮምፒውተር የሌለው፣ አዲስ አበባ ያለ ጎበዝ መካኒክ በመፍቻ የሚፈታው መኪና ነበር። ለዚያ መኪና «አይሞትም» የሚለው እውነት ነው። ስሙና ኮከቡ ቀጠለ፤ ውስጡ ግን ሌላ ፍጥረት ሆነ። አዲስ ሳለ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ የተሸጠ መኪና ዛሬ በ6,500 ይሸጥ እንጂ፣ መለዋወጫው የሚተመነው የ80 ሺህ ዶላር መኪና መለዋወጫ ሆኖ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ያንን ይችላል፣ ሁለተኛውም ምናልባት። ሦስተኛውና አራተኛው ባለቤት ላይ ሲደርስ ግን አንድ ጥገና ከመኪናው ዋጋ ጋር ይስተካከላል፤ ያኔ ሰው ጥገናውን ትቶ መኪናውን ይሸጣል። አንተ የደረስክበት ሰዓት ይህ ሊሆን ይችላል።

አሁን የመጀመሪያውን ዓመት እንገምት፤ ሞተሩም ካምቢዮውም ደህና ናቸው ብለን በደግ ልብ። ለአየሩ ያልነው 2,500 አለ። ዘይቱ 8.5 ሊትር ገደማ የሚወስድ ሞተር ነው፣ የተፈቀደ ዓይነት ዘይትም ይፈልጋል፤ የካምቢዮ ዘይትና ፊልትሮ ተጨምሮ አንድ ሙሉ ሰርቪስ 600 እንበል። ጎማዎቹ ካለቁ አራቱ 900። ይህ ሁሉ 4 ሺህ ዶላር ነው። ነዳጁ ደግሞ ለብቻው ነው። ይህ መኪና በአማካይ በጋሎን 17 ማይል ገደማ ይሄዳል፣ ፕሪሚየም ነው የሚጠጣው። የ2012 ባለ አራት ሲሊንደር ካምሪ 28 ማይል ይሄዳል፣ በሬጉላር። በዓመት 12 ሺህ ማይል ብትነዳ፣ ፕሪሚየሙን በ4 ዶላር ሬጉላሩን በ3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ብናስበው፣ አንዱ 2,820 ሌላው 1,370 ዶላር አካባቢ ይበላል። 1,450 ልዩነት ማለት ነው። ያቺ በግዢ ያተረፍካት 1 ሺህ ዶላር ነዳጅ ማደያ ላይ ብቻ በዓመት ሳይሞላ አልቃለች።

6,500 ከፍለህ እጅህ ላይ የሚቀረው 1,500 ነው። የሚጠብቅህ 4 ሺህ። ገደሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ መኪናው ክፉ ስለሆነ አይደለም። በባንክ ሌላ 6 ወይም 7 ሺህ ዶላር ያለው፣ ለሥራ የሚሄድበት ሁለተኛ መኪና ያለው ሰው ይህንኑ መኪና ገዝቶ ሊደሰትበት ይችላል። አንተ ግን የሌሊት ፈረቃ መግባት ያለብህ ሰው ነህ። መኪናው ዕቃ እየጠበቀ አሥር ቀን ጋራዥ ቢቆም እንዴት ነው ሥራ የምትሄደው? ይህን ጥያቄ ለራስህ በእርጋታ መልስልን።

ባለቤትህ «ለታይታ» ማለቷ የከፋህ እውነተኛውን ምክንያት ስላልነገርካት ይመስለናል። አባትህ የሚነዱትን፣ የራሳቸው ያልሆነውን መኪና ያጠበ ልጅ የራሱን መኪና ቁልፍ መያዝ ቢፈልግ ያ ታይታ አይባልም። ስለ ቅዳሜዎቹ አጫውተሃት ታውቃለህ? እሷም ደግሞ ስለ ቁጥሩ የፈራችው ከአንተ ክብር ጋር ጠብ ኖሯት ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ እሱን አውሩ፣ ከዚያ ከላይ ያለውን ሂሳብ በአንድ ወረቀት ላይ አብራችሁ ጻፉት።

ልብህ አሁንም ከዚያ መኪና ካልተላቀቀ፣ ቀብድ ሳትከፍል እንዲህ አድርግ። ለሻጩ ጠዋት በማለዳ እንደምትመጣና መኪናውን እንዳያስነሳው ንገረው። ስትደርስ ኮፋኖውን በእጅህ ንካ፤ ሞቆ ከሆነ አስነስቶ አየር ሞልቶታል፣ ተመለስና ሌላ ቀን ቅጠረው። ቀዝቃዛ ከሆነ በየጎማውና በመከለያው መካከል ያለውን ክፍተት በጣትህ ለካ፣ አራቱንም ጻፍ። ከዚያ አስነሳና ስንት ጊዜ ወስዶ እንደሚነሳ ሰዓት ያዝ። ጤነኛው ቶሎ ይስተካከላል፤ የደከመ ኮምፕረሰር እያጉረመረመ ደቂቃዎችን ይፈጃል። የሳሙና ውሃ በረጪ ይዘህ ሂድና ከረጢቱና የአየር ቧንቧው መጋጠሚያ ላይ ርጭ፤ አረፋ ከሠራ ያፈሰሰው እዚያ ነው።

በ20 ዶላር የሚሸጥ የሞተር ኮድ ማንበቢያም ይዘህ ሂድ። ኮድ አለመኖሩ ብቻ አያሳርፍህ። ኮድ ከጠፋ በኋላ መኪናው ራሱን ፈትሾ እስኪጨርስ በመሣሪያው ላይ Not Ready የሚል ይታያል። ብዙ መስመሮች እንዲህ ካሉ አንድ ሰው ቅርብ ጊዜ አጥፍቶታል ማለት ነው፤ ወይም ባትሪ ተነቅሏል። የዚያኑ ቀን አትግዛ። ሜሪላንድ ውስጥ ያገለገለ መኪና ስሙ ወደ አንተ እንዲዛወር የደህንነት ኢንስፔክሽን ያስፈልጋል፤ የምስክር ወረቀቱም ከወጣ በኋላ የሚያገለግለው 90 ቀን ነው። ሻጩ ቀድሞ እንዲያስደርገው ጠይቀው። እንቢ ካለ ለምን እንቢ እንዳለ ገምት። ግን ኢንስፔክሽኑ ፍሬን፣ ጎማ፣ መብራትና የመኪናውን እግር ያያል እንጂ የካቴና ጥርስ አያይም። ስለዚህ መርቸዲስ ላይ ብቻ የሚሠራና የመርቸዲስ መመርመሪያ ኮምፒውተር ያለው የግል ጋራዥ ወስደህ 200 ዶላር አካባቢ ከፍለህ አስፈትሸው። ሻጩ የሚያውቀው መካኒክ ሳይሆን ሻጩን የማያውቀው መካኒክ ይሁን።

መሐል መንገድም አለ፤ ባለቤትህም ልትስማማበት ትችል ይሆናል። ከ2001 እስከ 2006 የተሠራው ሌክሰስ ኤልኤስ 430 ትልቅ፣ ጸጥ ያለ፣ ቪ8 መኪና ነው። አብዛኞቹ በብረት ሞላ የሚቆሙ ናቸው፤ አየር ያለበትን ዓይነት ግን ተወው። አንድ ነገር ብቻ ጠንቅቀህ ጠይቅ፦ የሞተሩ ቀበቶ በየ90 ሺህ ማይሉ መቀየር አለበት፣ ቢበጠስ ሞተሩን ያበላሻል። ደረሰኝ ከሌለ ያንን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንስ። ነዳጅ ይጠጣል፣ አሮጌም ነው። ግን ዕቃው በቀላሉ ይገኛል፣ ብዙ መካኒክም ያውቀዋል።

ባለቤትህ ያየችው ካምሪ 2012 መሆኑ ደግሞ ጥሩ ምርጫ ነው። ከ2007 እስከ 2009 ያለው 2.4 ሞተር ዘይት በመብላት ይታማል፤ የእሷ ከዚያ ያመለጠ ነው። እሱንም ቢሆን ሳታስፈትሽ አትግዛ።

ዛሬ ማታ ለመርቸዲሱ ሻጭ ይህን መልእክት ላክለት፦ «የሻሲ ቁጥሩን ላክልኝ፣ የጥገና ደረሰኞቹን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሳይነሳ ልየው፣ ከዚያ መካኒክ ጋ እንውሰደው።» ደስ ብሎት ከተቀበለ ጊዜህን ማጥፋት ይገባዋል፤ የአየሩ 2,500 ዶላርም ከዋጋው ላይ ይነሳ። «ሌላ ገዢ አለኝ፣ ዛሬ ካልወሰድከው ይሄዳል» ካለህ ይሂድ። የሞተር ቁጥሩ ከወሰኑ በታች ሆኖ ጥርሱ የተቀየረበት ደረሰኝ ከሌለ ደግሞ፣ በ3 ሺህ ዶላርም ቢሰጥህ አትውሰደው።